በጽሑፍ ትዕዛዝ የቲሸርት ቀለም ሲቀየር ህትመቱ ከቦታው የሚነቃነቅበት ችግርና መፍትሄው

በጎንደር የጥምቀት ሰሞን ሲቃረብ ማኅበራትና የሰፈር ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሳትማሉ። ደንበኛው የናሙናውን ፎቶ ይልክና ይኸው ልብስ በአረንጓዴ፣ በቀይና በሰማያዊ ምን እንደሚመስል ማየት ይፈልጋል። ፎቶውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ የምስል ማረሚያ ሰጥቶ ቀለሙን በጽሑፍ ማዘዝ የደቂቃ ሥራ ነው። ደረት ላይ ያለው ህትመት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረ አይመለስም፤ ወይ ከፍ ብሏል፣ ወይ ሰፍቷል፣ ወይ ፊደሉ ተበላሽቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ችግር ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚለየው ነገር፦ የተነቃነቀው ፎቶው ነው ወይስ ህትመቱ?

ሁለቱ ችግሮች በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መፍትሄያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም እርማት ከመጀመር በፊት ይለኩ። በዋናው ፎቶ ላይ ከአንዱ የትከሻ ስፌት እስከ ሌላው ያለውን ስፋት፣ ቀጥሎም ከአንገቱ ስፌት የታችኛው ጠርዝ እስከ ህትመቱ አናት ያለውን ርቀት በፒክስል ይውሰዱና ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ። ለምሳሌ የትከሻው ስፋት 1,400፣ የአንገቱ ርቀት 280 ከሆነ ውጤቱ 0.20 ነው። መሣሪያው በመለሰው ፎቶ ላይም እንዲሁ ያድርጉ። በዚያ 413 እና 83 ካገኙ ውጤቱ ያው 0.20 ነው፤ ልብሱና ህትመቱ አብረው ተነቃንቀዋል ማለት ስለሆነ ጥፋቱ የፎቶው ክፈፍ ነው። 400 እና 92 ካገኙ ግን ውጤቱ 0.23 ይሆናል። ህትመቱ በጨርቁ ላይ ወርዷል፤ መሣሪያው እንደገና ስሎታል ማለት ነው።

ክፈፉ ሲነቃነቅ

ምክንያቱ የመጠን አለመጣጣም ነው። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ 3000 በ4000 ፒክስል፣ ማለትም 3 ለ4 ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ግን የሚሠሩት በአንድ ሚሊዮን ፒክስል አካባቢ ባላቸው የተወሰኑ መጠኖች ነው፤ 896 በ1152 ከመለሱልዎት ያ 7 ለ9 ነው። በመካከሉ ፎቶው ተለጥጧል ወይም ተቆርጧል። ከተለጠጠ፣ ክብ የነበረ ሎጎ ወደ 4 በመቶ ገደማ ይሞላላል፤ ከላይ የወሰዱት ውጤትም ከ0.20 ወደ 0.19 ይወርዳል፣ ይህን ያህል ልዩነት የህትመቱ መነቃነቅ አይደለም። ከተቆረጠ ደግሞ ከዋናው ፎቶ ቁመት 143 ፒክስል ያህል ከላይና ከታች ጠፍቷል፤ ውጤቱን በዋናው ላይ ሲደርቡት የማይገጥመው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ፎቶውን ከመላክ በፊት ማስተካከል ነው። 864 በ1152 በትክክል 3 ለ4 ሲሆን፣ ሁለቱም ቁጥሮች ለ16 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ImageMagick በሚባለው ፕሮግራም ትዕዛዙ ይህ ነው፦

```
magick photo.jpg -auto-orient -resize 864x1152 in.png
```

መሣሪያው ይህንንም ችላ ብሎ የራሱን መጠን ከመለሰ፣ የመለሰውን መጠን አይተው ዋናውን ፎቶ በዚያ ምጥጥን ይቁረጡና እንደገና ይላኩ። `-auto-orient` እንዳይቀር፤ የስልክ ፎቶ በጎኑ ተኝቶ የሚመጣው እሱ ሲቀር ነው።

ህትመቱ እንደገና ሲሳል

ደጋግሞ የሚያጋጥመውና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያው ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ጨርቁን ብቻ ቀብቶ ሌላውን አይተውም። ፎቶውን በሙሉ ወደ ታመቀ መልክ ይለውጠዋል፤ በተለመዱት ሞዴሎች 8 በ8 ፒክስል የሆነ ቁራጭ ወደ አንድ ነጥብ ይጨመቃል። ከዚያ የታመቀ መልክ ደግሞ ፎቶውን እንደ አዲስ ይሠራዋል። «አትንካው» የተባለው ህትመትም ቢሆን በዚሁ መንገድ አልፎ እንደገና የተሳለ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዚህ ሂደት ከማንኛውም ነገር በላይ ይጎዳል። 52 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቲሸርት በ864ቱ ፒክስል ውስጥ 520ውን ይዟል እንበል፤ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 10 ፒክስል ይደርሳል። «ጥምቀት በጎንደር» የሚለው ጽሑፍ ቁመቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል 15 ፒክስል ብቻ ነው፤ ይህም በቁመት ሁለት ቁራጭ እንኳ አይሞላም። ጥን ከጠ፣ ደን ከድ የሚለየው ቅጥያ ደግሞ 2 ፒክስል ቢሆን ነው። ያ ቅጥያ ሲታመቅ ይጠፋል፤ መሣሪያውም ሲመልሰው በግምት ይስላል። የላቲን ፊደል በብዛት ስላየ በግምትም ቢሆን ይሳካለታል፤ የእኛን ፊደል ግን ቅርጹ የሚመስል፣ ሲነበብ ግን ምንም የማይል ምልክት ያደርገዋል። የፋሲል ግንብ ሥዕልም እንዲሁ ነው። ግንቡ ከሩቅ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ቀርበው ሲቆጥሩ መስኮት ጎድሏል፣ የማዕዘን ማማዎቹ ጉልላት ቅርጹን ለውጧል።

ጥንቃቄ የጎደለው አሠራር የሚያስከትለውን አይቻለሁ። አንድ የህትመት ቤት የቀለም ማሳያውን ከዋናው ዲዛይን ጋር ቀላቅሎ፣ የስክሪኑን ፊልም ያወጣው መሣሪያው ከመለሰው ፎቶ ነበር። በማሳያው ላይ ማንም ያላስተዋለው የተበላሸ ፊደል በቡድኑ ቲሸርቶች ሁሉ ላይ ታተመ፤ በዓሉ ደርሶ ስለነበር ለማረም ጊዜ አልነበረም። ከዚህ መሣሪያ የወጣ ምስል ለደንበኛ ማሳያ እንጂ ለህትመት ምንጭ ፈጽሞ ሊሆን አይገባም። ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ፎልደር አያስቀምጡ።

ትዕዛዙን ማሻሻል ይረዳል፤ ችግሩን ግን አያጠፋም። «ግንብ የታተመበት አረንጓዴ ቲሸርት» ብሎ መጻፍ አዲስ ሥዕል ማዘዝ ነው። የሚለወጠውን አንድ ነገር፣ ከዚያም የማይለወጠውን መናገር ይሻላል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች እንግሊዝኛን የበለጠ ስለሚታዘዙ እንዲህ ይጻፋል፦

```
Change only the T-shirt fabric colour to dark green.
Keep the chest print's size, position and letters unchanged.
Keep the same framing, folds and shadows.
```

ከአንድ በላይ ቀለም ሲያስፈልግ ለእያንዳንዱ ቀለም ከዋናው ፎቶ ይነሱ። ከአረንጓዴው ውጤት ተነስቶ ቀይ፣ ከቀዩ ተነስቶ ሰማያዊ የሚያወጣ ሰው ጉድለቱን በየዙሩ እያባዛ ነው።

ህትመቱ በትክክል ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው አስተማማኝ መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው። ከመሣሪያው ቀለሙን መውሰድ፣ ህትመቱን ከዋናው ፎቶ መውሰድ። በነጭ ቲሸርት ላይ ያለን ህትመት ወደ ጥቁር አረንጓዴ ስናሸጋግር በGIMP የሚደረገው የሚከተለው ነው።

የመሣሪያውን ውጤት ወደ 3000 በ4000 አሳድገው በዋናው ፎቶ ላይ እንደ ሁለተኛ ሌየር ያስቀምጡና የሌየሩን ሁነታ `Difference` ያድርጉት። ከልብሱ ውጭ ያለው ጥቁር ሆኖ ከታየ ክፈፉ ገጥሟል፤ በግድግዳው ወይም በእጁ ጠርዝ ላይ ድርብ መስመር ከታየ አልገጠመም፤ ወደ መጀመሪያው እርማት ይመለሱ። ገጥሞ ከሆነ ይህ ምስል ሌላም ጥቅም አለው። ቀለሙ የተለወጠው ልብሱ ብቻ ስለሆነ ልብሱ ደምቆ፣ ሌላው ጠቁሮ ይታያል፤ በ`New from Visible` ወደ አዲስ ሌየር ተቀድቶ `Threshold` ሲጨመርበት የልብሱ ማስክ ከሞላ ጎደል ተዘጋጅቶ ያገኙታል። የቀረውን በብሩሽ ያስተካክሉ።

ቀጥሎ አዲሱን ሌየር ደብቀው የመሣሪያውን ሌየር ሁነታ ወደ `Normal` ይመልሱና ከእሱ ላይ፣ ጥላም ብርሃንም ካልበዛበት የጨርቁ ክፍል፣ አረንጓዴውን በቀለም መምረጫው ይውሰዱ። ከዚያ የመሣሪያውን ሌየርም ይደብቁ። በመረጡት ቀለም የተሞላ ሌየር ፈጥረው ሁነታውን `Multiply` አድርገው ማስኩን ያያይዙ። የዋናው ፎቶ መጨማደድና ጥላ ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ የተሳለ ነገር ስለሌለ የተነቃነቀ ነገርም የለም። ቀለሙ ከፈለጉት በላይ ከጠቆረ ነጩ ጨርቅ በፎቶው ላይ በእውነት ነጭ ሳይሆን ግራጫ ስለሆነ ነው፤ የዋናውን ፎቶ ሌየር በ`Levels` በጥቂቱ ያንጡት።

አሁን ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር ይመጣል። በህትመቱ ውስጥ ያለው ነጭ፣ ለምሳሌ የግንቡ መስኮት፣ ነጭ ቀለም ታትሞበት ነው ወይስ ያልታተመ ባዶ ጨርቅ ነው? ባዶ ጨርቅ ከሆነ በአረንጓዴ ልብስ ላይ መስኮቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ህትመቱ ጥቁር ብቻ ከሆነ `Multiply` ይህን በራሱ ይሠራዋል፣ ህትመቱን ከልብሱ ማስክ መቀነስም አያስፈልግም። ነጭ ቀለም ታትሞበት ከሆነ፣ ወይም ህትመቱ ቢጫና ቀይ ካለው፣ ህትመቱን ከማስኩ መቀነስ ግድ ነው፤ አለዚያ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ይህን ለመወሰን ፎቶው አይበቃም፤ አታሚውን ይጠይቁ፤ ጨርቁንም በእጅ ይዳስሱ። የታተመ ነጭ በጣት ይታወቃል።

ህትመቱን ከማስኩ ሲቀንሱ በፊደሎቹ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ክር መሳይ መስመር ይቀራል። ምክንያቱ የፊደሉ ጠርዝ ፒክስሎች ከቀድሞው ነጭ ጨርቅ ጋር የተቀላቀሉ መሆናቸው ነው። ብዙ ሰው ማስኩን በማደብዘዝ ሊደብቀው ይሞክራል፤ መስመሩ ግን ሰፍቶ ይወጣል። ህትመቱን ወደ ራሱ ሌየር ይቅዱና ከሁሉም በላይ ያድርጉት፤ የአረንጓዴውን ማስክ ከሥሩ ሙሉ ያድርጉት። ከዚያ በ`Select` ውስጥ ባለው `Border` የህትመቱን ጠርዝ 3 ፒክስል ያህል ብቻ መርጠው `Color to Alpha` ላይ የጨርቁን ነጭ ያስገቡ። ነጩ ከጠርዙ ይወጣና ከሥሩ አረንጓዴው ይታያል። በጠቅላላው ህትመት ላይ ግን አያድርጉት፤ ቢጫውና ሌላው ፈዛዛ ቀለም ሁሉ ይሳሳል።

ልብሱ ከመጀመሪያው ነጭ ሳይሆን ቀለም ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ፣ `Multiply` ሁለቱን ቀለም ቀላቅሎ ያጠቁራል። በዚህ ጊዜ የመሣሪያውን ውጤት ራሱን በ`LCh Color` ሁነታ በልብሱ ማስክ ውስጥ ይደርቡት። ቀለሙ ከውጤቱ፣ ብርሃንና ጥላው ከዋናው ፎቶ ይመጣል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጽሑፉ ተገልብጦ ከተነበበ ፎቶው በፊት ካሜራ ተነስቶ የተገለበጠ ነው፤ ከመላክ በፊት ይመልሱት።

በመሣሪያው ማስክ ከልለው ቢሠሩም ህትመቱ ጠርዝ ላይ ከተበላ፣ ማስኩ ከውስጥ በዚያው በ8 ፒክስል ቁራጭ ስለሚጠጋጋ ነው። ዋናውን መልሶ መደረብ አይቀርም።

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከመጣ ታምቆና አንሶ ስለሚደርስ በ`File` እንዲላክ ይጠይቁ። ከታመቀ ፎቶ የተቆረጠ ህትመት ቀይ ጠርዙ ተደባልቆ ነው የሚመጣው፤ ይህን የሚያስተካክል ማስክ የለም።

ጥቁር ቲሸርትን ነጭ ለማድረግ ከተጠየቁ የጥቁሩ ጨርቅ መጨማደድ በፎቶው ላይ በበቂ ስላልተመዘገበ መሣሪያው የሚሰጠው አብዛኛው ፈጠራ ነው። ያንኑ ህትመት በነጭ ወይም በፈዛዛ ግራጫ ልብስ ላይ አድርገው አዲስ ፎቶ ያንሱ።