ቢትልስ በአንድ ፔኒ፦ የሮክ ባንዶች ውል ሲፈርሙ የሠሯቸው ስህተቶች

ዘፈኑንና ቅጂውን አንድ አድርጎ ማየት። ግጥሙና ዜማው የደራሲው ንብረት ነው። ስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ፣ ማለትም ማስተሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሪከርድ ኩባንያው ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ውልና የየራሳቸው ገቢ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ የኤፍኤም ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለደራሲውና የዘፈኑን መብት ለያዘው የፐብሊሺንግ ድርጅት ብቻ ነው። ከበሮ የመታው ልጅ ከዚያ ሳንቲም አያገኝም።

ድርሻን በገንዘብ አስልቶ አለማየት። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1962 ከሪከርድ ኩባንያው ኢኤምአይ ጋር ሲፈራረሙ፣ ከአንድ ነጠላ ዜማ ሸክላ የሚደርሳቸው አንድ ፔኒ ነበር። ያውም ለአራቱም በጋራ! በጊዜው አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው። እስቲ አንድ ሚሊዮን ሸክላ ተሸጠ እንበል። ለባንዱ 4,166 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። ማናጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን 25 በመቶውን ይወስዳል። ቀሪው ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 781 ፓውንድ ነው። ሚሊዮን ሸክላ ሸጦ ይህችን!

የፐብሊሺንግ ውልን እንደ ተራ ወረቀት መፈረም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። በ1963 የቢትልስን ዘፈኖች ይደርሱ ለነበሩት ለሌነንና ለማካርትኒ ሥራዎች ኖርዘርን ሶንግስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ልጆቹ የራሳቸው ድርጅት የተከፈተላቸው መስሏቸው ፈረሙ። ሁለቱ ደራሲዎች የያዙት ግን 20፣ 20 በመቶ ነበር። ኤፕስታይን 10 በመቶ ወሰደ። ግማሹ ደግሞ በፐብሊሸሩ በዲክ ጄምስና በሸሪኩ እጅ ገባ። በ1969 ጄምስና ሸሪኩ ድርሻቸውን ኤቲቪ ለተባለ ኩባንያ ሸጡት። ሌነንና ማካርትኒ ሊያስቀሩት ታግለው አልቻሉም። የደራሲነት ክፍያቸው አልተቋረጠም፤ ባለቤትነቱ ግን አመለጣቸው። በ1985 ማይክል ጃክሰን የኤቲቪን የዘፈን ክምችት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ስለዚህ ውል ሲቀርብላችሁ ከስሙ ይልቅ አክሲዮኑን እዩ፤ ማን ስንት እንደያዘ፣ አንዱ ልሽጥ ቢል ቅድሚያ የመግዛት መብት ለእናንተ መሰጠቱን።

በደራሲነት ስም መቀለድ። ቹክ ቤሪ በ1955 «ሜይቤሊን»ን ሲያወጣ ሸክላው ላይ ሁለት ተጨማሪ ደራሲዎች ተጽፈው አገኘ። አንደኛው አለን ፍሪድ ነው፤ በዘመኑ ዘፈን የማንሳት አቅም የነበረው የሬዲዮ ዲስክ ጆኪ። ስሙ ስለገባ ዘፈኑ በሬዲዮ በተጫወተ ቁጥር ለእሱም ይከፈለዋል። ታዲያ ደጋግሞ ቢያጫውተው ምን ይገርማል? ለጥቁር ወጣት ሙዚቀኞች በዚያን ጊዜ ጠበቃ ይዞ መከራከር ቀላል አልነበረም። ቤሪ የዘፈኑ ብቸኛ ደራሲ ሆኖ የተመዘገበው በ1986 ነው።