በቱቦ የሚመገብ ታማሚ ሲያስቀምጠው፦ ምግቡን ከመቀየር በፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

በስትሮክ ምክንያት መዋጥ ያቃታቸው የ62 ዓመት እናት ነበሩ። በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ አምስት ቀን ሙሉ ፎርሙላ ወሰዱ፤ ሆዳቸው ምንም አላለም። በስድስተኛው ቀን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ጀመራቸው፤ እስከ ማታ አምስት ጊዜ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በእርሳቸው አልጋ ዙሪያ ሲሠሩ ያየኋቸው ናቸው።

ምግቡን ወዲያውኑ ማቅጠን ወይም ማቆም

ፎርሙላው መጀመሪያ በእኩል ውሃ ቀጠነ፤ በማግሥቱ ጭራሽ ቆመ። መደበኛ የቱቦ ፎርሙላ ግን ክምችቱ ከደም ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ማቅጠን ለአንጀት የሚያቀልለት ነገር የለም። የሚቀንሰው ታማሚው የሚያገኘውን ኃይልና ፕሮቲን ነው፤ በዚያ ላይ ተጨማሪ ንክኪ ጀርም ያስገባል። ምግቡ ከቆመ በኋላም ተቅማጡ ቀጠለ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር፦ ጥፋቱ የፎርሙላው ቢሆን ኖሮ ምግቡ ሲቆም ተቅማጡም መቀነስ ነበረበት። ፍንጩን ያስተዋለ ግን አልነበረም፤ እኚህ እናትም ሁለት ቀን በከንቱ ተራቡ። ማስታወክ፣ የሆድ መነፋት ወይም የደም ግፊት መውረድ ካልታየ ምክንያቱ እየተፈለገ ምግቡ ይቀጥላል።

ሳይቆጥሩና ሳያዩ መደምደም

አንድ ጊዜ ቀጠን ያለ ሰገራ ተቅማጥ አይደለም። በ24 ሰዓት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የፈሰሰ ከሆነ ሰዓቱ፣ መጠኑና መልኩ ይመዝገብ። ለቀናት ሆዱ ደርቆ የቆየ ታማሚ በድንገት ጥቂት ጥቂት ፈሳሽ ካመለጠው ደግሞ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ የሚያልፍ ሊሆን ስለሚችል በጣት መመርመር ያስፈልጋል።

በሽሮፕ ውስጥ ያለውን ማጣፈጫ መርሳት

የመድኃኒት መስጫ ቅጹን ወደ ኋላ ስናገላብጥ ነገሩ ተገለጠ። ቱቦው በአምስተኛው ቀን ስለተደፈነ እንክብሎቹ በሙሉ በሽሮፕ ተተክተው ነበር። ተቅማጡ የጀመረው በማግሥቱ ነው። ፓራሲታሞል 1 ግራም በቀን አራት ጊዜ ታዟል፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ አንዱ መጠን 20፣ የቀኑ ድምር 80 ሚሊ ሊትር ሆነ። ለሕፃን በማንኪያ የሚሰጥ መድኃኒት ለአዋቂ በሲሪንጅ ሲሞላ እንዲህ ይበዛል። የዚያ ሽሮፕ መግለጫ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 1.5 ግራም ሶርቢቶል እንዳለው ይናገራል፤ በቀን 24 ግራም ማለት ነው። ሶርቢቶል በአንጀት በደንብ የማይመጠጥ ማጣፈጫ ስለሆነ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። በቀን 10 ግራም ገደማ ሆድ ይነፋል፤ 20 ግራም ሲያልፍ ብዙ ሰው ያስቀምጠዋል።

የሶርቢቶሉ መጠን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ በጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ የመድኃኒት ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። ሶርቢቶል ባይኖረውም ፈሳሽ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከደም እጅግ የበለጠ ክምችት አለው፤ የፖታሲየም ክሎራይድ ሽሮፕ በውሃ ሳይበረዝ መሰጠት የለበትም። ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት፣ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለድርቀት ታዝዞ ሳይቋረጥ የቀረ ላክቱሎስም ከተጠርጣሪዎቹ ውስጥ ናቸው።

«የአንቲባዮቲክ ነው፣ ያልፋል» ማለት

እኚህ እናት ለሳንባ ምች ሴፍትሪያክሶን ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ሽሮፑን አገኘን ብለን አላረፍንም፤ አንቲባዮቲክ ሲወሰድ አንጀት ውስጥ በዝቶ መርዝ የሚያመነጨውን ጀርም፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልን፣ ማጣራት ነበረብን። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ የነጭ ደም ሴል መጨመር አልነበረም፤ የሰገራ ምርመራውም ነጻ ወጣ። ውጤቱ ሳይታወቅ ተቅማጥ የሚያቆመውን ሎፔራማይድ መስጠት አደገኛ ነው፤ አንጀቱ መርዙን ይዞ ይቀመጣልና። እጅም በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ አልኮል የዚህን ጀርም ስፖር አይገድልም።

ስለ ፎርሙላው ዓይነት እያሰቡ አያያዙን መርሳት

ከዱቄት የተበጠበጠ ፎርሙላ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የመመገቢያ ከረጢቱና መስመሩም በየ24 ሰዓቱ ይቀየራሉ። አስታማሚ ጠዋት በጥብጦ ኮመዲኖ ላይ ያኖረውን ማታ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የነገረው ሰው የለም።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር

መድኃኒቱም ፎርሙላውም ፍጥነቱም አብረው ከተለወጡ መፍትሔው የቱ እንደነበር አይታወቅም። እኛ በመጨረሻ የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሽሮፑ ቀርቶ ተራው የፓራሲታሞል እንክብል ደቅቆ በውሃ ተሰጠ፤ ቱቦውም በፊትና በኋላ በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ታጠበ። (በዝግታ የሚለቀቅ ወይም አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሸፈነ እንክብል ግን አይደቅም።) ፎርሙላው ያው፣ መጠኑም ሙሉው ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰገራው ረጋ።

መድኃኒቱም ኢንፌክሽኑም ተጣርተው ተቅማጡ ቢቀጥል ያኔ ወደ ምግቡ መዞር ተገቢ ነው፦ በቅድሚያ ፍጥነቱን መቀነስ፣ በሲሪንጅ በአንድ ጊዜ ይገፋ ከነበረ በዝግታ እንዲንጠባጠብ ማድረግ፣ ከዚያ በውሃ የሚሟሟ አሰር ያለውን ፎርሙላ መሞከር።