ሰልፊ ወደ አቫታር፦ የሚገጥሙ ችግሮች፣ መፍትሄያቸው እና ፎቶው የሚጠፋበት ሰዓት

ሰላም ተጫዋቾች!

አቫታርን በሰልፊ መስራት ከጀመርን ወዲህ የምትልኩልን ጥያቄ በሁለት ይከፈላል። ግማሻችሁ «ለምን እኔን አልመሰለም?» ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ፎቶዬ የት ገባ?» ትላላችሁ። የሁለቱም መልስ ያለው ፎቶው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እንንገራችሁ።

ሰልፊው ከስልካችሁ ከመውጣቱ በፊት ጌሙ ከፎቶው ጋር የተያያዘውን መረጃ ይነቅላል። የተነሳችሁበት ቦታ፣ የስልኩ ሞዴል፣ ሰዓቱ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሰርቨራችን ላይ ሲደርስ ሚዲያፓይፕ የተባለው የጉግል ነፃ ሶፍትዌር ፊታችሁ ላይ 468 ነጥቦችን ያስቀምጣል። የዓይን ጥግ፣ የከንፈር ጠርዝ፣ የአገጭ ጫፍ፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ የእኛ ፕሮግራም በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት አይቶ ቀድሞ የተሰራውን ባዶ ፊት ያስተካክላል። የአፍንጫ ስፋት 62፣ የአገጭ ርዝመት 41፣ የግንባር ከፍታ 55 እያለ ይሞላዋል። በመጨረሻ ከጉንጫችሁ ላይ የቆዳ ቀለም ይመርጣል። አለቀ።

ስለዚህ እኛ እጅ የሚገቡት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ፎቶው፣ ነጥቦቹ እና አቫታሩ። ሦስቱም የሚጠፉበት ጊዜ አንድ አይደለም። ይህንን ያዙልን፤ ስለ መሰረዝ የሚነሳው ግራ መጋባት አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

«ፊት አልተገኘም» ይለኛል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከጀርባችሁ ያለ መስኮት ነው። ካሜራው ብርሃኑን ለመቀነስ ሲል ፊታችሁን ያጠቁረዋል፣ ፕሮግራሙም ጥቁር ጥላ ብቻ ያያል። ዞር በሉና መስኮቱን ፊት ለፊት አድርጉት። ሻሽ ወይም ሂጃብ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ቅንድባችሁና አገጫችሁ ከታዩ ይበቃል። ነጠላው አፍ ላይ ከተጣፋ ግን አይሰራም። ፎቶው ውስጥ ሁለት ሰው ካለም ፕሮግራሙ አይመርጥም፤ ይመልሰዋል።

አቫታሩ አፍንጫዬን አገነነው

ይህ ከሁሉም በላይ የሚመጣ ቅሬታ ነው። ጥፋቱም የአፍንጫችሁ አይደለም፣ የርቀቱ ነው። ስልኩን ፊታችሁ አጠገብ ስትይዙት አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ይቀርባል። የቀረበው ይተልቃል፣ የራቀው ይጠባል። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የሐኪሞች ጥናት ይህን አስልቶታል፦ ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት የተነሳ ፎቶ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር፣ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ዓይናችን ይህን ለምዶታልና ብዙም አይታወቀንም። ነጥብ የሚለካ ፕሮግራም ግን ያየውን እንዳለ ይጽፋል። 48 መሆን የነበረበት የአፍንጫ ስፋት 62 ሆኖ ቁጭ ይላል።

እንዴት ታውቃላችሁ? ጆሯችሁን ተመልከቱ። ፊት ለፊት እያያችሁ ጆሯችሁ ከጉንጫችሁ ጀርባ ተደብቆ ከቀረ ካሜራው በጣም ቀርቧል ማለት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፉት ወይም ሰው ያንሳችሁ፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። ፊታችሁ በፎቶው ውስጥ ትንሽ ቢሆንም አትጨነቁ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆርጠዋል። ዙም ማድረግ ትችላላችሁ፣ መጠጋት ግን አይሆንም። ጊዜ የሌለው ሰው እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ያንሳና ቀሪውን በማስተካከያው በጣቱ ይጎትት።

ቀለሜ ተቀይሯል

ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የስልኩ «ቢውቲ» ጠፍቷል ወይ? ብዙ ስልኮች ላይ ስትገዙት ጀምሮ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ቆዳን ሳይጠይቅ ያነጣል። ሁለተኛ፣ ከጀርባችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ትከሻችሁ ላይ ነጭ ነጠላ አለ? ካሜራው የፎቶውን ብርሃን በአማካይ ስለሚመጥን ነጩን ለማብረድ ፊትን ያጠቁራል። ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን በጣት ንኩት፤ ብርሃኑን በፊታችሁ ልክ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ቢጫ አምፖል ስር ናችሁ? ወጣ በሉና ጥላ ውስጥ ተነሱ። ቀጥታ ፀሐይ አይሁን።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተስማማችሁ ቀለሙን ራሳችሁ ምረጡ። እውነቱን ለመናገር ከፕሮግራሙ ይልቅ እናንተ ትሻላላችሁ።

ማርያም የሳመችኝ ቦታ የለም፤ የእናቴ ንቅሳትም አልወጣም

አዎ፣ አይወጣም። ሆን ብለን ነው። የቆዳችሁን ምስል ከፎቶው ቆርጠን አቫታሩ ላይ አንለጥፍም፤ ቅርጽና አንድ ቀለም ብቻ ነው የምንወስደው። ብንለጥፍ ኖሮ «ፎቶው ተሰርዟል» ብለን የፎቶው ግማሽ አቫታሩ ላይ ተለጥፎ በቀረ ነበር። ዋጋው ደግሞ ይኸው ነው፤ ምልክት፣ ጠባሳ፣ የግንባር መስቀል አብሮ አይመጣም። «መልክ» የሚለው ውስጥ «ምልክቶች» አለ፤ እዚያ ገብታችሁ በእጃችሁ አስቀምጡ።

«በ24 ሰዓት ይሰረዛል» ብላችሁ 24 ሰዓት አለፈ፣ አሁንም «በመጠባበቅ ላይ» ይላል

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። ፎቶ የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የእናንተ ጣት ነው። አቫታሩን አይታችሁ «ይሄ እኔ ነኝ» የሚለውን ስትነኩ ፕሮግራሙ ፎቶውንና 468ቱን ነጥቦች ወዲያው ይሰርዛል። «አሁን ሰርዝ» ብትነኩም እንደዚያው። ነጥቦቹን አብረን የምናጠፋቸው የፊት ልኬት በራሱ ሰውን ለመለየት ሊያገለግል ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው ጠራጊው ነው። ሁለቱንም ሳትነኩ ጌሙን ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ፎቶው አማዞን ኤስ3 በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ይቆያል። እዚያ ላይ «ከአንድ ቀን በኋላ አጥፋ» የሚል ደንብ አስረንበታል። ችግሩ የማከማቻው «አንድ ቀን» አቆጣጠር ላይ ነው። 24 ሰዓቱን ይደምርና ውጤቱን ወደሚቀጥለው እኩለ ሌሊት ያሸጋግረዋል። እኩለ ሌሊቱም የአዲስ አበባ ሳይሆን የዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ስክሪናችሁ ላይ `00:00 UTC` ብሎ የሚታየው ነው።

በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ያለች ተጫዋች ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰልፊ ላከች እንበል። አቫታሩን ሳታጸድቅ ስልኳን ዘጋች። 24 ሰዓቱ የሚሞላው ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ደንቡ ግን በዚያ ሰዓት አይነሳም። የሚቀጥለውን `00:00 UTC` ይጠብቃል፤ እሱም በእኛ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ፎቶዋ የሚጠብቀው 24 ሳይሆን 31 ሰዓት ነው። `00:00` ሲል ብዙ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይመስለዋል፤ ሦስት ሰዓት ጨምሩበት። ያው ተጫዋች የላከችው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዳለፈ ቢሆን ኖሮ ወደ 48 ሰዓት ይጠጋ ነበር። ሰዓቱ ከደረሰም በኋላ መጥረጉ በተራ ስለሆነ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ለዚህ ነው አዲሱ ጽሑፋችን «ካላጸደቃችሁ እስከ 48 ሰዓት ገደማ» የሚለው። መጠበቅ ያልፈለገ ሰው ሴቲንግ፣ ከዚያ «ፎቶዎቼ»፣ ከዚያ «አሁን ሰርዝ» ይንካ። «በመጠባበቅ ላይ» የሚለው ጽሑፍ እዚያው ይጠፋል። ካልጠፋ ኢንተርኔታችሁ ተቋርጦ ትዕዛዙ አልደረሰንም ማለት ነውና ዳታ ከፍታችሁ ድገሙት።

አንዳንዶቻችሁ «ባክአፕስ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የፎቶዎቹ ማህደር ባክአፕ ውስጥ አይገባም። የድሮ ቅጂ የሚያስቀምጠውን የማከማቻውን አሰራርም አልከፈትነውም፤ እሱ ክፍት ቢሆን ኖሮ የተሰረዘ ፋይል ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም ነበር።

ፎቶው ተሰርዟል ይላል፣ ጋለሪዬ ውስጥ ግን አለ

እኛ መሰረዝ የምንችለው እኛ ጋ ያለውን ነው። በስልኩ ካሜራ ተነስታችሁ ከጋለሪ ከመረጣችሁት ዋናው ፎቶ የእናንተው ነው፤ ጉግል ፎቶስ ከበራም እዚያም ይሄዳል። ጋለሪ ውስጥ እንዲቀር ካልፈለጋችሁ ጌሙ ውስጥ ባለው ካሜራ ተነሱ፤ እሱ ስልኩ ላይ ምንም አያስቀምጥም።

ፎቶውን ሰረዝኩ፣ አቫታሩ ግን አልጠፋም

ያልነው ነገር ይሄ ነው። አቫታሩ ፎቶ ሳይሆን ቁጥሮች ነው፤ እነ 62፣ እነ 41። ከፎቶው ጋር አይጠፋም፣ ያለዚያ በገባችሁ ቁጥር አዲስ ሰልፊ መነሳት ነበረባችሁ። እሱን ለማጥፋት «መልክ» ውስጥ «ወደ መነሻው መልስ» የሚለውን ንኩ። አካውንታችሁን ስትዘጉም አብሮ ይሄዳል። ጓደኛችሁ «አሁንም አየሁህ» ካለ ስልኩ የድሮውን መልክ ይዞ ነው። ጌሙን ዘግቶ ኢንተርኔት ባለበት ሲከፍተው ይታደሳል።

በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሰረት መረጃችሁ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ አውሮፓ ያላችሁም በአውሮፓ ሕግ ይኸው መብት አላችሁ። ቁልፉን ማግኘት ያቃተው ሰው በጌሙ ውስጥ ባለው «አግኙን» ይጻፍልን።

አዲስ ስልክ ገዛሁ፤ የድሮውን ሰልፊ መልሱልኝ

የለንም። አቫታራችሁ ግን በአካውንታችሁ ስትገቡ ይመጣል።

የልጄን ፎቶ አልቀበልም አለኝ

የልጆች አካውንት ላይ ሰልፊ ዝግ ነው፤ በወላጅ ፈቃድም አይከፈትም። ልጁ ከዝግጁ ፊቶች ይምረጥ። በእናንተ አካውንት በኩል የልጁን ፊት እንዳታስገቡ፤ የጓደኛንም ፊት ሳታስፈቅዱ አታስገቡ።

አንድ ነገር ይቀረናል። አቫታሩ አልመስል ሲላችሁ ሰልፊያችሁን በቴሌግራም የምትልኩልን አላችሁ። ባትልኩ እንመርጣለን። በቻት የመጣ ፎቶ ከላይ ባወራነው መንገድ አያልፍም። ያ ጠራጊ አይነካውም፣ እኛ ጋም እናንተ ጋም ቻቱ ውስጥ ይቀመጣል። የአቫታሩን ስክሪንሻት ብቻ ላኩልን፣ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ጻፉ፣ ፎቶውን ከስንት ርቀትና በምን ብርሃን እንዳነሳችሁት ጨምሩ። ችግሩን ለማግኘት ያ ይበቃናል። ቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ መልእክቱን ተጭናችሁ ስትሰርዙ «ለሁለታችንም ሰርዝ» የሚለውን ምልክት ማድረግ አትርሱ።