ሳይዙ ቀን እየሆነ ያስቸገረኝ የሱቅ ፋይል

ለትንሿ የልብስ ሱቃችን የመጀመሪያውን የዕቃ ፋይል በኤክሴል ስሠራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የልጆች ሹራብ ሳይዝ 6-8 ብዬ ስጽፍ 8-Jun ይሆናል። 014 ያልኩት ኮድ ደግሞ 14 ብቻ ይቀራል።

መጀመሪያ ዓምዱን ወደ Text ቀየርኩት። ባሰ! 8-Jun የነበረው 45816 ሆነ። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነውና የጻፍኩት ሳይዝ ያኔውኑ ጠፍቷል። ከፊቱ ' ማድረግ ይሠራል፣ ግን በአሥረኛው ዕቃ ላይ ይረሳል።

የሠራልኝ ይኸው ነው። ባዶ ፋይል ከፍቼ፣ ምንም ሳልጽፍ፣ የኮድና የሳይዝ ዓምዶችን Text አደረግኩ። ከዚያ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ኮዱንም በፊደል እንዲጀምር አደረግኩት፦

```
SH014-0608-BK
```

SH ሹራብ፣ 014 የሞዴሉ ተራ ቁጥር፣ 0608 ሳይዝ፣ BK ጥቁር። ዋጋ ኮዱ ውስጥ አላስገባሁም፤ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር መለያውን ሁሉ መቀየር ሊመጣ ነው። MAR ወይም SEP የሚል ፊደልም ሸሽቻለሁ፤ SEP12 ብትሉት ቀን ያደርገዋል።

በፊት ለየሳይዙ አንድ አንድ ዓምድ ነበረኝ። የአዋቂው S፣ M፣ L ከልጆቹ ጋር ሲደባለቅ ግማሹ ባዶ ቀረ። አሁን አንድ ሳይዝ በአንድ ቀለም አንድ መስመር ነው። ዓምዶቹ ኮድ፣ ዓይነት፣ ሳይዝ፣ ቀለም፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ ናቸው። ቀሪው በእጅ አይጻፍም፦

```
=E2-F2
```

ከጥቁሩ ሹራብ 12 ገብቶ 5 ወጣ። ፋይሉ 7 አለ፤ መደርደሪያው ላይም ቆጠርኩት፣ 7 ነው።