ያበጠ ቆርቆሮ አይቀመስም

ሰሞኑን ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት የቱና ቆርቆሮ ይዘው ቀኑን ደጋግመው ሲያዩ ነበር። ቀኑ ገና ነው። ቆርቆሮው ግን ጠርዙ ላይ ተጨርምቷል። እንዲመልሱት ነገርኳቸው።

ቤስት ቢፎር የሚለው ቀን ስለ ጣዕም ነው የሚናገረው። ደህና የሆነ የታሸገ ቱና ወይም የቲማቲም ድልህ ያ ቀን ትንሽ ስላለፈው ብቻ አይጣልም። ዩዝ ባይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ በሚበላሹ ምግቦች ላይ ስለሚጻፍ፣ ካለፈ ባይሸትም አይበላም።

ጭርምቱን እኔ በጣቴ ነው የምለካው። ጎኑ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ካለ ችግር የለውም። ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ከሆነ ወይም ከላይና ከታች ያለውን ጠርዝ፣ አለዚያም የጎኑን መገጣጠሚያ ከነካ ይቅርብዎ። እዚያ ጋ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይከፈትና ጀርም ይገባል።

ያበጠውን ግን እባካችሁ አትክፈቱት። ክዳኑን ሲጫኑት ተመልሶ ቀጭ ብሎ የሚነሳም ያው ነው። ውስጡ ጋዝ የፈጠሩ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነሱ አንዱ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ ያመጣል፤ መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ነርቭን አሽመድምዶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ «እስቲ ልቅመሰው» አይባልም። በሁለት ፌስታል ጥብቅ አድርገው ይሰሩትና ልጅም ውሻም የማይደርስበት ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉት። ፈሶ ከነበረ ጓንት አድርገው ቦታውን በውሃ በተበረዘ በረኪና ይጥረጉ።