ቡናው ምድጃ ላይ ከሚቆይ ፔርሙዝ ውስጥ ይቆይ

እንግዳ እስኪመጣ ተብሎ ጀበናው ፍም ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ ቡናው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይመርራል፤ ይጎመዝዛልም። ሁለት ነገር አብሮ ስለሚሠራ ነው፦ አተላው ከሥር ሆኖ ምሬቱን መልቀቁን አያቆምም፣ እሳቱ ደግሞ መዓዛውን እያተነነ ይወስደዋል።

መፍትሔው ቡናውን ከአተላውም ከእሳቱም መለየት ነው። ፔርሙዙን መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቁት (ውስጡ መስታወት ከሆነ ድንገት የፈላ ውኃ ሊሰነጥቀው ይችላል)፤ ከዚያ የፈላ ውኃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ ያህል አቆዩትና ድፉት። ጀበናው በደንብ ከሰከነ በኋላ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ አተላው መምጣት ሲጀምር አቁሙ። ባዶ ቦታ ከተተወ ቡናው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ፔርሙዙ እስከ አፉ ይሙላ። እንዲህ የተያዘ ቡና እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም። እስከ አራት ሰዓት ይጠጣል፣ መዓዛው ግን ይቀንሳል።

ከቀዘቀዘ የምትጠጡትን ያህል ብቻ ቀንሱና በትንሽ እሳት አሙቁት። እንፋሎቱ መታየት ሲጀምር አውርዱት፤ ከፈላ የተረፈውም መዓዛ ይሄዳል። ሁለተኛ ማሞቅ አያዋጣም፣ አዲስ ማፍላት ይሻላል።

ወተት የገባበትን ቡና ግን በዚህ መንገድ አታቆዩ። ለብ እያለ ሲሄድ ወተቱ ይበላሻል፣ ሽታውም ከፔርሙዙ ክዳን በቀላሉ አይለቅም። ወተቱን ሲኒው ላይ ጨምሩ።