ስናፕሾት ወስዶ መተው፦ ጌስትን የሚያንቀራፍፉ ስህተቶች

«ቨርቹዋል ማሽኑ ያለ ምክንያት ዘገየ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ ሲፒዩና ሜሞሪውን ከማየቴ በፊት ዲስኩ በስንት ተደራራቢ ፋይሎች ላይ እንደቆመ የምታሳየውን ይህችን ትእዛዝ አስኬዳለሁ፦

```
qemu-img info -U --backing-chain db.night23
```

አንድ ወይም ሁለት ፋይል ብቻ ከወጣ ችግሩን ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ዝርዝሩ ማለቂያ አጥቶ ከወረደ ግን ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በኬቪኤምና በሊብቨርት ሥር በ`qcow2` ዲስክ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው።

ስናፕሾትን የዲስኩ ቅጂ አድርጎ ማየት

እዚህ የምናወራው አዲስ ፋይል ስለሚፈጥረው ውጫዊ ስናፕሾት ነው። እሱ ሲወሰድ አንዲት ባይት ዳታ እንኳ አትቀዳም። እስከዚያች ቅጽበት ሲጻፍበት የቆየው ፋይል ለንባብ ብቻ ይሆናል፤ ከላዩ ባዶ ፋይል ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ወደ አዲሱ ይገባል። የ500 ጊጋባይት ዲስክ ስናፕሾት በቅጽበት የሚያልቀው ለዚህ ነው። አዲሱ ፋይል ብቻውን ምንም አይደለም። መግቢያው ላይ ከሥሩ ያለው ፋይል ስም ተጽፎበታል፤ እሱ ጋ የሌለ ነገር ሲጠየቅ ወደዚያ ይመራል። ስለዚህ የታችኛው ፋይል ከተበላሸ ከላዩ ያሉት ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁሉም የተቀመጡበት ዲስክ ከሞተም እንዲሁ። ባክአፕ የሚባለው ሌላ ማሽን ላይ የተቀመጠው ቅጂ ነው።

በየሌሊቱ ስናፕሾት እየወሰዱ አለማዋሃድ

ትዕግሥቴን የጨረሰው ይኼኛው ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንድ የ200 ጊጋባይት ዳታቤዝ ጌስት ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የባክአፕ ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ትክክለኛውን ሐሳብ ይዞ ነው የተነሣው፦ ሌሊት ስናፕሾት ይወሰዳል፤ የታችኛው ፋይል ከእንግዲህ ስለማይለወጥ በሰላም ወደ ሌላ ሰርቨር ይቀዳል። ሦስተኛው እርምጃ ግን ስክሪፕቱ ውስጥ አልነበረም፤ ያ እርምጃ ከላይ የተከፈተውን ፋይል መልሶ ወደ ታች ማዋሃድ ነው። ባክአፑ በየቀኑ ስለሚሠራ ማንም ምንም አልጠረጠረም። ስደርስ ከመሠረቱ ፋይል በላይ 23 ንብርብር ተቆልሎ ነበር። እስከዚያ ድረስ ለማሽኑ ሜሞሪ ተጨምሮለታል፣ ሲፒዩ ተጨምሮለታል፣ ዳታቤዙም ጥፋተኛ ተብሎ ኢንዴክሶቹ እንደ አዲስ ተሠርተዋል። አንዱም አልረዳም።

ምክንያቱን ለማየት የንባብን መንገድ እንከተል። `qcow2` ዲስኩን 64 ኪሎባይት በሆኑ ክላስተሮች ይከፋፍላል፤ የትኛው ክላስተር ፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚናገር ባለ ሁለት ደረጃ ሰንጠረዥም ይይዛል። ጌስቱ አንድ ቦታ ላንብብ ሲል በመጀመሪያ የላይኛው ንብርብር ይጠየቃል። እሱ ጋ ከሌለ ቀጣዩ፣ እዚያም ከሌለ ከሥሩ ያለው፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ስናፕሾት በፊት የተጻፈና ከዚያ ወዲህ ያልተነካ ዳታ የሚገኘው ሃያ ሦስቱም «እኔ ጋ የለም» ካሉ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ «የለም» ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን ይለያያል። የመጀመሪያ ደረጃው ሰንጠረዥ ሁልጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ አንዱ መስመሩ 512 ሜጋባይት የዲስክ ስፋት ይሸፍናል። ንብርብሩ በዚያ ስፋት ውስጥ ምንም ካልጻፈ መልሱ ወዲያው ይመጣል። አንድ ክላስተር እንኳ ከጻፈ ግን ሁለተኛውን ሰንጠረዥ ማየት የግድ ነው፤ ያ ሰንጠረዥ ካሽ ውስጥ ከሌለ ከዲስክ ይነበባል። እንግዲህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጽፍ ጌስት ረጅም የንብርብር ሰንሰለት ተሸክሞም ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ዲስኩን ሁሉ እየነካካ እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት የሚጽፍ ዳታቤዝ ግን በየንብርብሩና በየስፋቱ ዱካውን ስለሚተው ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። አንዱ «ሃያ ስናፕሾት አለኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ሲል ሌላው በአምስት የሚያለቅሰው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ካሹም በነጻ አይመጣም። ለ200 ጊጋባይት ዲስክ ሁለተኛውን ሰንጠረዥ በሙሉ ለመያዝ 25 ሜጋባይት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ደግሞ የራሱ ካሽ አለው። ከመሠረቱ ጋር 24 ፋይል ሲሆን እስከ 600 ሜጋባይት ይደርሳል ማለት ነው። ይህ የሚወሰደው ከሆስቱ ሜሞሪ ስለሆነ ጌስቱ ውስጥ ሆናችሁ አታዩትም።

አሁን መጻፍን እንይ። ጌስቱ የላይኛው ንብርብር በማያውቀው ክላስተር ላይ 4 ኪሎባይት ሲጽፍ፣ የቀረው 60 ኪሎባይት በሰንሰለቱ በኩል ከታች ተነቦ አብሮ ይጻፋል፤ ሰንጠረዡም ይታደሳል። ያ ክላስተር ሁለተኛ ጊዜ ሲጻፍበት ይህ ወጪ የለም። ግን ሌሊት አዲስ ስናፕሾት ሲወሰድ ሁሉም ነገር እንደገና ያልተነካ ይሆናል። ጠዋት ክፉኛ የሚዘገይ፣ ወደ ማታ የሚሻሻል፣ በማግስቱ ጠዋት ትንሽ ብሶ የሚመለስ ማሽን ካያችሁ ሰንሰለቱን ጠርጥሩ። ሌላው ምልክት ደግሞ ጌስቱ ከጠየቀው ንባብ ይልቅ ሆስቱ ከዲስክ የሚያነበው በግልጽ መብለጡ ነው፤ `iostat -x` ሁለቱም ዘንድ አስኬዳችሁ አነጻጽሩ።

የስክሪፕቱ ሙሉ መልክ ይህን ይመስላል፦

```
virsh snapshot-create-as db night$(date +%F) --disk-only \
  --atomic --no-metadata --quiesce
cp --sparse=always db.qcow2 /backup/
virsh blockcommit db vda --active --pivot --wait --verbose
virsh domblklist db
```

`--quiesce` ጌስቱ ውስጥ `qemu-guest-agent` ካልተጫነ አይሠራም፤ ጫኑት እንጂ አማራጩን አታውጡት። የመጨረሻው ትእዛዝ ዲስኩ ወደ `db.qcow2` መመለሱን ያሳያል። ካልተመለሰ ስክሪፕቱ መጮኽ አለበት፤ በሚቀጥለው ሌሊትም አዲስ ስናፕሾት መውሰድ የለበትም። ከላይ ያልኩት 23 ንብርብር ሊደረስበት የሚችለው ይህ ፍተሻ ሲጎድል ብቻ ነው።

«ስናፕሾቱን ባጠፋው የሠራሁት ይጠፋል» ብሎ መፍራት

በዚህ ፍርሃት ስናፕሾት ለወራት ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ፍርሃቱም ይገባኛል፣ ቃሉ ያስደነግጣል። ነገር ግን ስናፕሾትን በመሣሪያው በኩል ማጥፋት ማለት የላይኛውን ወደ ታች ማዋሃድ ነው፤ ማሽኑ ዛሬ ባለበት ይቀጥላል፣ የምታጡት ወደ ኋላ የመመለሻውን ዕድል ብቻ ነው። የዛሬውን ሥራ የሚወስደው ወደ ስናፕሾቱ መመለስ ነው።

ፋይሉን በ`rm` ማጥፋት

አይደረግም። የሆነ ሰው አድርጎት ከሆነ ግን ጌስቱን አታጥፉት! የሚሠራው ፕሮሰስ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘ ድረስ ዳታው ዲስክ ላይ አለ፤ ከ`/proc/<pid>/fd` ሥር ማውጣት ይቻላል። ማሽኑ አንዴ ከጠፋ ግን ያ በር ይዘጋል። ከላዩ ንብርብር ያለበትን መሠረት ፋይል ሌላ ማሽን ማስነሻ ማድረግም ከዚህ አያንስም፤ መሠረቱ ከሥር ከተለወጠ የላይኛው ፋይል ትርጉም ያጣል።

ሳያሰሉ ማዋሃድ

ማዋሃድ ቦታና ጊዜ ይፈልጋል። መሠረቱ 120 ጊጋባይት፣ ከላዩ ያለው ንብርብር 45 ጊጋባይት ይዟል እንበል። ዳታው ወደ ታች ሲገለበጥ፣ መሠረቱ ጋ ቀድሞ የነበረ ክላስተር ላይ የሚያርፈው ተጨማሪ ቦታ አይወስድም፤ አዲስ የሆነው ግን መሠረቱን ያሳድገዋል። በከፋው ሁኔታ መሠረቱ 165 ይደርሳል፤ የላይኛው 45ም ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት 45 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይኑራችሁ። መሀል ላይ ዲስኩ ከሞላና የጌስቱ ጽሑፍ ቦታ ካጣ፣ ማሽኑ ባለበት ቆሞ `paused` ይላል።

ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ ሃያ ጊዜ ማዋሃድ አያስፈልግም። ከላይ ያለው የ`blockcommit` ትእዛዝ ሁሉንም ወደ መጨረሻው መሠረት ያወርዳል፤ ከእያንዳንዱ ክላስተርም የቅርቡን ብቻ ይገለብጣል። ቦታ ከጠበበ ግን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይሻላል፤ አንዱ ንብርብር ተዋህዶ ሲያልቅ ፋይሉን ሰርዛችሁ ለቀጣዩ ቦታ ትለቃላችሁ፦

```
virsh blockcommit db vda --base /vm/db.qcow2 \
  --top /vm/db.night1 --wait --verbose
```

ጊዜውን የሚወስነው የሚዋሃደው መጠን ነው፤ የዲስኩ ጠቅላላ ስፋት ብዙም አይገባበትም። የላይኛው ንብርብር ሲዋሃድ ጌስቱ መጻፉን ስለማያቆም፣ አዲስ የተጻፈውም ተከታትሎ መገልበጥ አለበት። ጌስቱ ከቅጂው ፈጥኖ ከጻፈ ሥራው ጫፍ ላይ ደርሶ አያልቅም። ስለዚህ ጭነት በሌለበት ሰዓት ይሁን። `--pivot` ረስታችሁ ከጀመራችሁ ቅጂው ያልቃል፣ ጌስቱ ግን አሁንም የላይኛው ላይ ነው፤ `virsh blockjob db vda --pivot` ያሻግረዋል።

መቼ ይዋሃድ ለሚለው፣ ቪኤምዌር ለራሱ ምርት የሚሰጠው ምክር ጥሩ መነሻ ነው፦ እስከ 32 የሚደርስ ሰንሰለት ይቻላል፣ ለፍጥነት ግን ከ2 ወይም 3 አይብለጥ፤ አንዱም ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አይቆይ። እኔ ለማሻሻያ የተወሰደን ስናፕሾት ማሻሻያው በአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከተፈተነ በኋላ እዚያው ማታ አዋህደዋለሁ። ብዙ በሚጽፍ ዳታቤዝ ላይ ግን ሰዓቱን ትቼ የንብርብሩን መጠን ነው የማየው፦ ሆስቱ በአንድ ሌሊት ገልብጦ ከሚጨርሰው ከመብለጡ በፊት መዋሃድ አለበት። ከዚያ `domblklist` መሠረቱን ሲያሳይ፣ የተረፈውን የላይኛውን ፋይል ያኔ ሰርዙት፤ መሠረቱ ስለተለወጠ ከእንግዲህ ለምንም አያገለግልም፣ ቦታ ግን ይዟል።